የበረንዳው ተክሎች ሳምንታዊ ፕሮግራም
(ደብረ ብርሃን፣ ከጥቅምት እስከ ጥር)

እህትዓለም፣ ፈረቃሽን አይቼ ነው ያወጣሁት። ፍሪጁ ላይ ለጥፊው።

ሰኞ (ቀን ፈረቃ)፦ ከመውጣትሽ በፊት ጎመኑንና ሰላጣውን ብቻ እዪ። ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ክተቺ። እርጥብ ከሆነ ተዪው። በዚህ ብርድ ከጥማት ይልቅ ውሃ ብዛት ነው የሚገድላቸው።

ማክሰኞ (ቀን ፈረቃ)፦ ምንም። ተኚ።

ረቡዕ (ዕረፍት)፦ ዋናው ቀን ይኸው ነው። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል፣ 3 ሰዓት ገደማ፣ ከእሬቱ በቀር ሁሉንም አጠጪ። ማታ አታጠጪ፤ ቅጠሉ ረጥቦ አይደር። ከሥር ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ውሃ ድፊ። የጎመኑን ቅጠል ገልብጠሽ እዪ፦ አመድ የተነሰነሰበት መስሎ ከታየሽ ክሽክሽ ነው። በጣትሽ አሽተሽ በውሃ እጠቢው። የጽጌረዳውን የደረቀ አበባ ቁረጪ።

ሐሙስና ዓርብ (አዳር)፦ ከመሄድሽ በፊት ሰማዩን እዪ። ጥርት ካለ ሌሊቱን ውርጭ ይመጣል፤ ጎመኑና ሰላጣው ላይ አሮጌ አንሶላ ጣል አድርጊ። ጠዋት ስትመለሺ አንሺው። በሶብላው ግን እስከ ጥር መጨረሻ ሳሎን መስኮት ሥር ይኑር። ማታ ማታ ለማስገባት ማን ጉልበት አለው?

ቅዳሜ፦ ከእንቅልፍሽ ስትነሺ ጎመኑንና ሰላጣውን አጠጪ። ጤና አዳሙና የጥብስ ቅጠሉ የረቡዑ ይበቃቸዋል።

እሑድ፦ ማሰሮዎቹን ግማሽ ዙር አዙሪያቸው፣ ወደ ፀሐይ እንዳይጣመሙ። እሬቱን በ15 ቀን አንዴ አጠጪ። ለወጥ የሚሆንሽን ጎመን ከታች ከታች ቅጠሉን ልቀሚ፤ ልቡን አትንኪ።