ቧንቧው ደረቀ፣ መብራት ጠፍቶ ነው?

የሎጂክ መለማመጃ ለ12ኛ ክፍል፣ ጥያቄ 7

ቀጥሎ ያለውን አንብቡ። የተነገረው ሁሉ እውነት ነው ብላችሁ ተቀበሉ።

አንዲት ሴት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተከራየች። ዕቃዋን ያስገባች ዕለት የግቢው ጥበቃ እንዲህ አላት፦ «የኔ ልጅ፣ ከአሁኑ ልንገርሽ። መብራት በጠፋ ቁጥር ፓምፑ ይቆማል። ፓምፑ በቆመ ቁጥር ደግሞ አራተኛ ፎቅ ውሃ አይወጣም። ጀሪካን ሞልተሽ አስቀምጪ።» በመጀመሪያው ሳምንት ውሃ ሦስት ጊዜ ጠፋ። ሦስቱንም ጊዜ ምክንያቱ መብራት ነበር።

ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቧንቧውን ስትከፍት ጠብ የሚል ነገር የለም። ማታ 2 ሰዓት ላይ ስትከፍተው ግን ውሃው ይንዠቀዠቃል።

ከዚህ ተነስተን የግድ እውነት ነው ልንል የምንችለው የቱን ነው?

ሀ. ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መብራት ጠፍቶ ነበር።
ለ. ማታ 2 ሰዓት ላይ መብራት አልጠፋም ነበር።
ሐ. መብራት እስካለ ድረስ አራተኛ ፎቅ ውሃ ይወጣል።
መ. ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ፓምፑ ቆሞ ነበር።

መልስ፦ ለ

ማብራሪያ

ሀን የመረጣችሁ አትፈሩ፤ ጥያቄውን ያዘጋጀሁት ሀ እንዲያጓጓ አድርጌ ነው። ያቺ የሦስት ጊዜ ታሪክ የገባችውም ለዚሁ ነው። ሦስት ጊዜ መብራት ከሆነ አራተኛው ምን ሊሆን ነው? ያሰኛል።

ግን ጥበቃው ያሉትን ቃል በቃል እንመልከት። መብራት ከጠፋ ውሃ እንደሚጠፋ ነግረዋታል። ውሃ ከጠፋ መብራት ጠፍቷል ማለት ነው ግን አላሉም። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ይህን ለመረዳት ሎጂክ መማር አያስፈልገውም። ፈረቃው የሌላ ሰፈር ሊሆን ይችላል። የፓምፑ ሞተር ተቃጥሎ ይሆናል። ወይም ከታች አንዱ ቧንቧ ሊጠግን ብሎ ዋናውን ዘግቶታል። በነዚህ ሁሉ መብራቱ ቦግ ብሎ እየበራ ውሃው ይጠፋል፤ የጥበቃው ቃልም ሐሰት አይሆንም።

ቅርጹ ይህ ነው፦

```
P → Q
Q
∴ P   (ስህተት)
```

P «መብራት ጠፍቷል»፣ Q «ውሃ አይወጣም» ነው። ውጤቱን አይተን ወደ ኋላ ተመልሰን ምክንያቱ ይሄ ነው ብለን ፈረድን። ስህተቱ የቆየ ነው። ከ2,300 ዓመት በፊት አርስቶትል ሲያስረዳው፣ ማር ቢጫ ስለሆነ ሰው ቢጫ ሐሞት አይቶ ማር ይመስለዋል ብሏል። መሬቱ ረጥቦ ሲያዩ ዘንቧል ማለትም የእሱ ምሳሌ ነው።

«ታዲያ ተከራይዋ መብራት ጠፍቶ ነው ብላ ብትጠረጥር ተሳሳተች?» የሚል ተማሪ ሁሌም አለ። አልተሳሳተችም። እኔም ብሆን መጀመሪያ የምሞክረው ማብሪያ ማጥፊያውን ነው። ግን ጥሩ ግምት ሌላ፣ የግድ እውነት ሌላ። ጥያቄው ውስጥ «የግድ» የምትለዋን ቃል አስምሩባት።

መ ተመሳሳይ ስህተት ነው፤ መንገዱ ስላጠረ ብቻ የተሻለ ይመስላል። ታንከሩ ባዶ ከሆነ ፓምፑ እየዞረም ውሃ የለም። ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ፦ ሀ እውነት ከሆነ መም እውነት መሆኑ አይቀርም፤ መብራት ከጠፋ ፓምፑ ይቆማላ። ስለዚህ መልሱ አንድ ብቻ በሆነበት ጥያቄ ሀ መልስ ሊሆን አይችልም። ሰዓት ሲያልቅባችሁ ይቺ ትጠቅማለች።

ሐ የተገላቢጦሽ ነው። ጥበቃው ስለ መብራት መጥፋት እንጂ መብራት ሲኖር ምን እንደሚሆን ምንም አላሉም።

ለ ግን ያስኬዳል። ማታ ውሃ ወጥቷል። ፓምፑ ቆሞ ቢሆን ኖሮ አይወጣም ነበር፤ ስለዚህ አልቆመም። መብራት ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ፓምፑ ይቆም ነበር፤ ስለዚህ መብራት አልጠፋም። «ጀነሬተር ቢኖርስ?» አትበሉኝ። ጥበቃው «በጠፋ ቁጥር» ብለዋል፤ የተባለውን እንቀበላለን ተባብለናል።

ተጨማሪ፦ ጥበቃው ከላይ ባሉት ላይ «ፓምፑ የሚቆመው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው» ብለው ቢጨምሩ ሀ ትክክል ይሆን ነበር?

መልስ፦ አሁንም አይሆንም። «ብቻ» የመጣችው ከመብራት ወደ ፓምፕ ባለው መንገድ ላይ ነው። ከፓምፕ ወደ ውሃ ባለው ላይ ግን የለችም፤ ፈረቃው ወይም የተዘጋው ቧንቧ አሁንም ሊኖር ይችላል። «አራተኛ ፎቅ ውሃ የሚጠፋው ፓምፑ ሲቆም ብቻ ነው» የሚልም ቢጨምሩ ኖሮ፣ ያኔ ሀም መም የግድ እውነት ይሆኑ ነበር።