ከሌኒንግራድ የተሰጠ ዲፕሎማ ወደ እንግሊዝኛ እንዲተረጎምልኝ ስለመጠየቅ

ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ለትርጉም ቢሮው
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በስካን የተላከ የዩኒቨርሲቲ ዲፕሎማ ከሩሲያኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ በተርጓሚው ቃለ መሐላ ተረጋግጦ እንዲተረጎምልኝ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ሳምንት እህቴ ወ/ሮ አልማዝ ቢሮአችሁ መጥታ ነበር። ጸሐፊያችሁ በደንብ ተቀብላ አነጋግራታለች። «ሰነዱን ስካን አድርጎ ይላክ፣ የሚፈልገውን ደግሞ በጽሑፍ ይግለጽልን» ብላታለች። ይኸው ልኬአለሁ። ደብዳቤው ትንሽ ረዘም ይላል፤ አትሰልቹብኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ከዚህ በፊት የደረሰብኝን ስነግራችሁ ለምን እንደተጨነቅሁ ይገባችኋል።

ሰነዱ ይህ ነው። በ1976 ዓ.ም. መጀመሪያ በነፃ ትምህርት ዕድል ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄድኩ። አንድ ዓመት ሩሲያኛ ተማርኩ። ከዚያ ሌኒንግራድ በሚገኘው፣ በዚያን ጊዜ በካሊኒን ስም ይጠራ በነበረው ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት አምስት ዓመት የውኃ ግንባታ ምሕንድስና ተምሬ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1989 ተመረቅሁ። ዲፕሎማው ደረቅ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ትንሽ ደብተር ነው። ከውስጡ የትምህርት ዓይነቶች፣ ሰዓትና ውጤት የተዘረዘሩበት አባሪ ወረቀት አለ። ሁለቱም በሩሲያኛ ብቻ ነው የተጻፉት።

እኛ አገር «ዲፕሎማ» ሲባል ከዲግሪ በታች ያለው ነው ትዝ የሚለን። የእህቴ ጎረቤት እንኳ «ዲፕሎማ ነው እንዴ የያዘው? መሐንዲስ አልነበረም?» ብላ ጠይቃ ነበር አሉ። በሶቪየት ጊዜ የአምስት ዓመት ተመራቂም የሚሰጠው ሰነድ ስሙ ዲፕሎማ ነው። ስለዚህ «ዲግሪ» ብላችሁ እንድታሳድጉልኝ አልፈልግም። ደረጃውን የሚወስነው እዚህ ያለው የትምህርት ማስረጃ ገምጋሚ ነው። የእናንተ ሥራ ወረቀቱ ላይ ያለውን ማስፈር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ባለፈው ታሪክ ልምጣ። ከሁለት ዓመት በፊት እዚያው አዲስ አበባ ሌላ ቦታ አስተርጉሜ ነበር። ገምጋሚው ፋይሌን በሦስት ምክንያት መለሰው።

የመጀመሪያው ስሜ ነው። ሀብታሙ ጥላሁን ወልዴ እባላለሁ። ሩሲያኛ የኛ «ሀ» የለውም፤ «ኸ» ብሎ ነው የሚጽፈው። «ወ»ም የለውም፤ «ቨ» ያደርገዋል። ስለዚህ ዲፕሎማው ላይ ያለሁት Хабтаму Тилахун Вольде ሆኜ ነው። ያ ተርጓሚ ፊደል በፊደል ወደ እንግሊዝኛ አዛወረውና Khabtamu Tilakhun Volde አደረገኝ። ፓስፖርቴ ላይ ያለው ግን HABTAMU TILAHUN WOLDE ነው። ገምጋሚው «ይህ ሰው ማን ነው?» ብሎ ጻፈልኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም አላውቀውም።

እባካችሁ በትርጉሙ ውስጥ ስሜን በፓስፖርቴ አጻጻፍ ጻፉት። ከሥሩ አንድ የተርጓሚ ማስታወሻ ይጨመርልኝ፤ በሩሲያኛ ዋናው ሰነድ ላይ ስሙ በሲሪሊክ ፊደል እንዲህ ተጽፏል፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ባለቤቱ ባቀረበው ፓስፖርት መሠረት ነው የሚል። የሲሪሊኩንም አጻጻፍ እንዳለ ማስታወሻው ውስጥ አስገቡት። የፓስፖርቴን ኮፒ አያይዣለሁ።

ሁለተኛው ሙያዬ ነው። ይህኛው የበለጠ አሞኛል። ዲፕሎማው የሰጠኝ ሙያ በሩሲያኛ «ኢንዥነር-ጊድሮቴክኒክ» ይላል። ተርጓሚው መጨረሻ ላይ «ቴክኒክ» የምትለዋን አየና «ሃይድሮ ቴክኒሽያን» ብሎ ጻፈው። በአንድ ቃል መሐንዲሱ ቧንቧ ጠጋኝ ሆነ ማለት ነው። ቧንቧ ጠጋኝነትን መናቄ አይደለም፤ አምስት ዓመት የተማርኩት ግን ግድብና የኃይል ማመንጫ ግንባታ ነው። በእንግሊዝኛ ትክክለኛው «ሃይድሮሊክ ኢንጂነር» ነው። የትምህርቱ መስክ ደግሞ «የወንዝ ላይ ግንባታዎችና የውኃ ኃይል ማመንጫዎች ግንባታ» የሚል ነው። የሩሲያኛ ተርጓሚያችሁ የተሻለ አባባል ካለው ደስ ይለኛል። «ቴክኒሽያን» የሚለው ቃል ብቻ እንዳይገባ።

ሦስተኛው ቀላል ነው፤ ግን አስቆኛል። የማረጋገጫው ማኅተም ሥር ቀኑ በኛ አቆጣጠር 2016 ተብሎ ነበር የተጻፈው። እዚህ ዓመቱ 2024 ነው። ገምጋሚው የስምንት ዓመት አሮጌ ትርጉም የላክሁ መሰለው። ስለዚህ ቀኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጻፉልኝ። የኛንም መጨመር ከፈለጋችሁ ከጎኑ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ይባልበት። ዲፕሎማው ውስጥ ያሉት ቀኖች ግን ከመጀመሪያውም የአውሮፓ ስለሆኑ ምንም አትለውጧቸው።

አንድ ትልቅ ነገር ልጠይቅ። ትርጉሙ ከሩሲያኛ በቀጥታ ወደ እንግሊዝኛ ይሁን። አንዳንድ ቦታ መጀመሪያ ወደ አማርኛ መልሰው ከዚያ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ እንደሚያዞረው ሰምቻለሁ። የኔም ባለፈው እንደዚያ የተሠራ ይመስለኛል። በቀጥታ የሚሠራ ሰው ከሌላችሁ በግልጽ ንገሩኝ፤ አልቀየምም።

እኔ ራሴ ሩሲያኛውን አልረሳሁትም፤ እንግሊዝኛም እየሠራሁበት ነው። ቁጭ ብዬ በአንድ ቀን ልጨርሰው እችል ነበር። ግን የሰነዱ ባለቤትም ሆነ ዘመዱ የተረጎመውን አይቀበሉም። ትክክል ናቸው፤ እኔም ብሆን አልቀበልም።

ስለ አባሪው ወረቀት። 38 የትምህርት ዓይነቶች አሉ። አንዱም እንዳይቀር። «የሶቪየት ኅብረት ኮሙኒስት ፓርቲ ታሪክ» እና «ሳይንሳዊ ኮሙኒዝም» የሚሉትም ቢሆኑ። «ይህ ዛሬ ምን ያደርግለታል» ተብሎ የሚዘለል አይደለም፤ ሰዓታቸው ከጠቅላላው ድምር ውስጥ ስላለ ከጎደሉ ሒሳቡ አይገጥምም። የሰዓቱን ቁጥር እንዳለ ጻፉት፤ ወደ ክሬዲት አትቀይሩት።

ውጤቱም እንደዚያው። «አትሊችና»፣ «ሐራሾ»፣ «ኡዳቭለትቮሪተልና» እና «ዛችተኖ» የሚሉ ቃላት ናቸው ያሉት። ትርጉማቸው በቅደም ተከተል «እጅግ ጥሩ»፣ «ጥሩ»፣ «አጥጋቢ» እና «አልፏል» ነው። ኤ፣ ቢ፣ ሲ ተብለው እንዳይቀየሩ። ሦስት «አጥጋቢ» አለብኝ። አንዱ የቁሳቁስ ጥንካሬ ትምህርት ነው፤ ተማሪዎቹ «ሶፕሮማት» ይሉታል። «ሶፕሮማትን ያለፈ ማግባት ይችላል» የሚል ቀልድ ነበራቸው። እኔ በአጥጋቢ አልፌ ነው ያገባሁት። ይህችንም ቢሆን አሳምሩልኝ አልልም፤ እንዳለች ትጻፍ።

የተቋሙና የከተማው ስምም አይነካ። ዛሬ ሌኒንግራድ ሴንት ፒተርስበርግ ሆኗል፤ ስሙ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ኢንስቲትዩቱም ዩኒቨርሲቲ ተብሏል። ወረቀቱ የተጻፈው ግን ከዚያ በፊት ስለሆነ ትርጉሙ ላይ «ሌኒንግራድ» እና «ኢንስቲትዩት» ይባል። የስሙን መለወጥ ለገምጋሚው እኔ በራሴ ደብዳቤ አስረዳለሁ።

ስካኑን የሠራው የእህቴ ልጅ ነው። መጀመሪያ በስልክ አንስቶ የገዛ አውራ ጣቱን ጭምር ላከልኝ። አሁን ያያዝኩት በ600 ዲፒአይ የተሠራ፣ አራት ገጽ ፒዲኤፍ ነው። ያም ሆኖ ሁለት ቦታ ያስቸግራል። ክቡ ማኅተም ከሬክተሩ ፊርማ ጋር ተደራርቦ ደብዝዟል። የምዝገባ ቁጥሩ ደግሞ ደብተሩ የሚታጠፍበት መስመር ላይ ስለወደቀ የመጨረሻዋ አኃዝ 1 ትሁን 7 አይለይም። እባካችሁ በግምት አትጻፉ። ዋናው ዲፕሎማ እህቴ ጋ ነው። ስትጠሯት ይዛው ትመጣለች፤ ዐይታችሁ ወዲያው ትመልሱላታላችሁ። ያቺን ደብተር አደራ፣ ቢሮ አታሳድሯት። ሌላ የለኝም። የማይነበብ ፊርማና ማኅተም ካለ «የማይነበብ ፊርማ»፣ «ክብ ማኅተም» ብላችሁ ቦታውን አመልክቱ።

ማረጋገጫውን በተመለከተ፣ የተርጓሚው ቃል በመጨረሻው ገጽ በእንግሊዝኛ እንዲሰፍር እፈልጋለሁ። ሩሲያኛና እንግሊዝኛ በሚገባ እንደሚያውቅ፣ ትርጉሙ ሙሉና ከሰነዱ ጋር የተስማማ መሆኑን በመሐላ የሚያረጋግጥ ይሁን። ሙሉ ስሙ፣ አድራሻው፣ ቀኑና ፊርማው ይኑርበት። የቢሮው ማኅተም በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ይረፍ። የተተረጎመው የሩሲያኛ ሰነድ ኮፒም ከትርጉሙ ጋር በአንድ ላይ ይታሰር። እንዲህ ሆኖ ሁለት ቅጂ እፈልጋለሁ፤ አንዱ ለገምጋሚው፣ ሌላው ለኔ።

ከማተማችሁ በፊት ረቂቁን በኢሜይል ብትልኩልኝ በሁለት ቀን ውስጥ እመልሳለሁ። የማየው ስሞችን፣ ቀኖችንና ቁጥሮችን ነው። በተርጓሚው ሥራ ውስጥ ገብቼ ቃል አልመርጥም፤ ከዚያች «ቴክኒሽያን» በስተቀር።

ክፍያውን በሚመለከት ጸሐፊያችሁ በገጽ እንደምታስከፍሉ ነግራታለች። አባሪው በትንንሽ ፊደል የታጨቀ ስለሆነ አንድ ገጽ ነው ብዬ አልከራከርም። አይታችሁ ጠቅላላውን ዋጋ አሳውቁኝ። ግማሹን እህቴ በቅድሚያ ትከፍላለች፤ ቀሪውን ሥራውን ስትረከብ። ደረሰኝ ይቆረጥላት።

ጊዜው ትንሽ ጠበብ ይላል። ትርጉሙ እዚህ ገምጋሚው እጅ እስከ መጋቢት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. መድረስ አለበት፤ እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 2026 ማለት ነው። በፖስታ የሚያልፈውን ጊዜ ሳስብ እስከ የካቲት 15 ቢያልቅልኝ እፎይ እላለሁ።

እዚህ 12 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። አሁን የዝናብ ውኃ መቋጠሪያ ኩሬዎችንና ትንንሽ ግድቦችን የሚፈትሽ ሰው የሚፈልግ ክፍት ቦታ አግኝቻለሁ። ቃለ መጠይቁን አልፌአለሁ። መልካ ዋከናን ለጉብኝት ሄጄ እንዳየሁት ስነግራቸው ግማሽ ሰዓት አወራን። የቀረኝ ይህ ወረቀት ብቻ ነው።

ሥራውን የምትቀበሉት ከሆነ ዋጋውንና የምታስረክቡበትን ቀን በዚሁ ኢሜይል አሳውቁኝ። ለአስቸኳይ ነገር እህቴን ደውሉላት፤ ስልኳን ለጸሐፊያችሁ ሰጥታለች። እኔ ጋ ያለው ሰዓት ከእናንተ በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ ጠዋት ብትደውሉልኝ ተኝቼ ነው የምታገኙኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

ሀብታሙ ጥላሁን ወልዴ

አባሪ፦
ዲፕሎማው ከነአባሪ ወረቀቱ፣ 4 ገጽ ስካን
የፓስፖርት ኮፒ፣ 1 ገጽ
ገምጋሚው የቀድሞውን ትርጉም የመለሰበት ደብዳቤ፣ 1 ገጽ