የወረቀት ድልድይ ውድድር፦ ለ6ኛ ክፍል የሳይንስ ክበብ

ልጆች፣ ወደ ሥራ ከመግባታችሁ በፊት ይህን ወረቀት ከቡድናችሁ አንዱ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ።

ሁለት ጠረጴዛዎች በ30 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው ቆመዋል። ሥራችሁ በመካከላቸው ድልድይ መዘርጋት ነው። አራት አራት ሆናችሁ ትሠራላችሁ። ለእያንዳንዱ ቡድን 6 የኤ4 ወረቀት፣ 50 ሴንቲ ሜትር ፕላስተር፣ አንድ መቀስ፣ አንድ ማስመሪያና አንድ እርሳስ ተሰጥቷል። ወረቀቶቹ ካለፈው ዓመት ፈተና የተረፉ ናቸው፤ ጥያቄዎቹን ስታነቡ ጊዜያችሁ እንዳያልቅ።

የወረቀቱ ቁመት 29.7 ሴንቲ ሜትር ነው። ክፍተቱ በ3 ሚሊ ሜትር ይበልጠዋል፤ ሆን ብዬ ያደረግሁት ነው። በቁመቱ የተዘረጋ ወረቀት ከሌላው ሳታያይዙት አይሻገርም ማለት ነው።

ድልድዩ ጠረጴዛው ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል እንጂ በፕላስተር አይጣበቅም። መሃሉ ላይ የተቆረጠ የውሃ ሃይላንድ ስለምናስቀምጥ ወለሉ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው። መቀሱ በየ10 ደቂቃው ከእጅ ወደ እጅ ይዛወር። መቀስ የያዘ ሰው ሳይመረጥ አለቃ ይሆናልና።

ጊዜያችሁ 40 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ፕላስተሩን ሳትነኩ ተጠቀሙባቸው፤ ወረቀት በማጠፍና በመጠቅለል ሞክሩ፣ ያሰባችሁትንም በደብተራችሁ ላይ ሳሉ።

መጀመሪያ ማስመሪያውን ውሰዱ። ጠፍጣፋውን ጎን ወደ ላይ አድርጋችሁ በተራራቁ ሁለት ደብተሮች ላይ አጋድሙትና መሃሉን በጣት ተጫኑት፤ ይጎብጣል። አሁን በጠርዙ አቁሙትና እንደገና ተጫኑት፤ ንቅንቅ አይልም። ፕላስቲኩ ያው ነው፤ የተለወጠው ከላይ እስከ ታች ያለው ከፍታ ብቻ ነው። የክፍላችን ጣሪያ ቆርቆሮ ሞገድ ሞገድ የሆነውም ለጌጥ አይደለም። ወረቀታችሁን እንደ ቆርቆሮው ወደ ላይና ወደ ታች እያፈራረቃችሁ ብታጥፉት በቀጭን ወረቀት ከፍታ ታገኛላችሁ። ስድስቱንም ወረቀት አንድ ላይ ደራርቦ መዘርጋት ግን ብዙ ቡድን የሚሞክረው ደካማ መላ ነው።

ቀጥሎ አንድ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ በሁለት እጃችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። አልበጠስ ብሎ ይታገላችኋል። ያንኑ ቁራጭ ከሁለቱ ጫፎች ወደ ውስጥ ግፉት፤ ወዲያው ይታጠፋል። ጭነት የተቀመጠበት ድልድይ የላይኛው ክፍሉ ይጨመቃል፣ የታችኛው ክፍሉ ይለጠጣል። ስለዚህ ወረቀት የሚሸነፈው አብዛኛውን ጊዜ ከላይ በኩል ነው። ድንጋይ የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ጭመቃን ይችላል፣ መለጠጥን አይወድም። በጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ ያለውን የ17ኛው ክፍለ ዘመን ድልድይ ያያችሁ ቅስቱን አስታውሱ። ቅስት ጭነቱን ድንጋዮቹን እርስ በርስ ወደሚያጨምቅ ግፊት ይለውጠዋል። እናንተ በእጃችሁ ያለው ወረቀት ስለሆነ ለላይኛው ክፍል የተጠቀለለ ቱቦ ወይም ሦስት ማዕዘን ሊረዳችሁ ይችላል። ወረቀቱን በእርሳሱ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉና እርሳሱን አውጡት። ቱቦው አንድ ቦታ ከተጨፈለቀ ግን ጉልበቱ እዚያው አለቀ፤ ስትይዙት ተጠንቀቁ።

ስለ ፕላስተሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በተለጠፈበት አቅጣጫ ስትስቡት ይጠነክራል፤ ከጫፉ ወደ ላይ ስታነሱት ግን በቀላሉ ይላጣል። መጋጠሚያዎቹን ከታች በኩል፣ በድልድዩ ርዝመት አቅጣጫ ለጥፉ። ድልድዩን ዙሪያውን በፕላስተር መጠቅለል ፕላስተሩን ከመጨረስ በቀር ብዙም አይፈይድም።

በፍተሻው ጊዜ ሃይላንዱ ውስጥ ደረቅ አሸዋ በማንኪያ እንጨምራለን። ከእያንዳንዱ ማንኪያ በኋላ ድልድዩ 10 ሰከንድ መቆም አለበት። ሲወድቅ ሃይላንዱን ከነአሸዋው እንመዝናለን። ስድስቱ ወረቀቶች በአንድ ላይ 30 ግራም ያህል ይመዝናሉ፤ የዚህን 20 እጥፍ፣ 600 ግራም የተሸከመ ቡድን ጥሩ ሠርቷል።

አሸዋ ከመጨመሩ በፊት እያንዳንዱ ቡድን ድልድዩ የት ቦታ እንደሚሰበር በእርሳስ ምልክት ያደርጋል። በትክክል የገመተ ቡድን፣ ድልድዩ የተሸከመው ትንሽ ቢሆንም እንኳ፣ አንደኛ ከወጣው ቡድን እኩል ነጥብ ያገኛል። ይህ ቅር የሚያሰኛችሁ ካላችሁ ከውድድሩ በኋላ እንከራከራለን፤ ለእኔ ግን የድልድዩን ድክመት የሚያውቅ ሠሪ በዕድል ከቆመ ድልድይ ይበልጥብኛል።

ድልድዩ ሲወድቅ አትጨምድዱት፣ አትጣሉትም። መጀመሪያ የታጠፈው ከላይ ነው ወይስ ከታች? ወረቀቱ ተቀደደ ወይስ ፕላስተሩ ተላጠ? ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉና አሳዩኝ። ጽሑፉን ላሳየ ቡድን 2 ተጨማሪ ወረቀትና 20 ሴንቲ ሜትር ፕላስተር እሰጣለሁ። በ15 ደቂቃ ውስጥ ያንኑ ድልድይ ጠግናችሁ ለሁለተኛ ፍተሻ ታቀርባላችሁ። አዲስ ድልድይ መጀመር አይፈቀድም።