የጤፍ ጉድለት ማስጠንቀቂያ፦ እስከ ኅዳር 5 ይስተካከልልኝ

ጥቅምት 28 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ?

ሁለቴ በስልክ ተነጋግረናል፣ አሁን ግን ነገሩ በጽሑፍ እንዲያዝ ፈልጌያለሁ። ጥቅምት 12 በተፈራረምነው ውል፣ 20 ኩንታል ነጭ ማኛ ጤፍ በኩንታል 14,000 ብር ሊያስረክቡኝ ነበር። ውሉ አንቀጽ 3 ላይ "የተበጠረ፣ ደረቅ፣ ከባዕድ ነገር የጸዳ" ይላል። ከ280,000 ብሩ 200,000ውን አስቀድሜ ከፍያለሁ።

ጤፉ ጥቅምት 24 ማታ ደረሰ። በማግስቱ አንዱን ኩንታል አስፈጭቼ አቦካሁት። ሊጡ እንደወትሮው አልነሳም፣ እንጀራው ዓይን አላወጣም፣ ከሁሉም የባሰው ግን አሸዋው ነው፤ ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጫል። ሁለት ምግብ ቤቶች መልሰውልኝ ገንዘባቸውን ሰጠኋቸው። ዓመታት የለፋሁበት ስም ስለሆነ ይህ በጣም አሳዝኖኛል።

ከዚያ ሁሉንም ኬሻ ፈታን። 12ቱ ጥሩ ነው፣ ምንም አልልም። የተፈጨውን ጨምሮ 8ቱ ግን ውሉን አያሟላም፤ አምስቱ አሸዋ አለበት፣ ሦስቱ ደግሞ ታችኛው ክፍሉ ረጥቦ ሻግቷል፣ እጅ ሲገባበት ይሞቃል። ከየኬሻው ናሙና ወስጄ፣ ሠራተኞቼና ጤፉን ያራገፉት ልጆች ባሉበት አሽጌ አስቀምጫለሁ። ፎቶዎቹን በቴሌግራም ልኬልዎታለሁ። መጥተው በዓይንዎ ይዩት፣ በሬ ክፍት ነው።

የምጠይቀው ይህን ነው። እስከ አርብ ኅዳር 5 ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ 8 ኩንታል ንጹሕ ማኛ ያምጡልኝ፣ የተበላሸውን 7 ኩንታልና የተፈጨውን ዱቄት በራስዎ መኪና ያንሱ፣ የማጓጓዣውም የማራገፊያውም ወጪ በእርስዎ ይሁን። የወፍጮውን 600 ብርና ለደንበኞቼ የመለስኩትን 4,500 ብር፣ በድምሩ 5,100 ብር፣ ከቀሪው ሂሳብ እቀንሳለሁ። አዲሱን ጤፍ እዚሁ ፈትተን አብረን አይተን ስንተማመን የቀረውን 74,900 ብር ያኔውኑ አስገባለሁ። እስከዚያ ቀሪውን ክፍያ ይዤዋለሁ።

"ቆይ፣ ሌላ ጭነት ይመጣል" ብለውኝ ነበር። ለኅዳር ሚካኤል የተቀበልኩት ትእዛዝ ስላለ ከኅዳር 5 በላይ መጠበቅ አልችልም።

ይህ ደብዳቤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 መሠረት የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቀኑንም የወሰንኩት በቁጥር 1774 መሠረት ነው። ቀኑ ካለፈ የ8ቱን ኩንታል ርክክብ አልቀበልም፣ በዚያ መጠን ውሉ እንዲሰረዝ አደርጋለሁ። የ12ቱ ዋጋ 168,000 ብር ስለሆነ ትርፉን 32,000 ብርና 5,100ውን እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ፤ ከሌላ ቦታ በውድ ከገዛሁም የዋጋውን ልዩነት እጨምርበታለሁ። ካልተስማማን ወደ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ።

ከእርስዎ ጋር መሥራቴን መቀጠል እፈልጋለሁ፣ እስከዛሬ ያመጡልኝ ጤፍ አሳፍሮኝ አያውቅም። እስከ ሰኞ ማታ መኪናው መቼ እንደሚመጣ በጽሑፍ ያሳውቁኝ።

ገዢ፣ የእንጀራ ቤቱ ባለቤት

አባሪ፦ የውሉ ቅጂ፣ የክፍያ ደረሰኝ፣ የ8ቱ ኬሻ ፎቶ