የሰሚቱ ኮንዶሚኒየም ማስታወቂያ፣ ከነትርጓሜው

ለአክስቴ ዘነበችና ለጋሽ ደምሴ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

እንደምን ከረማችሁ? ያላችሁኝን ቤት አግኝቼ ትናንት ሄጄ አየሁት። ማስታወቂያውን ብቻ ብልክላችሁ ግማሹ እንቆቅልሽ እንደሚሆንባችሁ ስለማውቅ፣ መጀመሪያ ቃል በቃል ገልብጬላችኋለሁ፤ ከዚያ ያየሁትንና የለካሁትን እጽፋለሁ።

«የሚከራይ ኮንዶሚኒየም፣ ሰሚት። 3ኛ ፎቅ፣ 65 ካሬ፣ ባለ 2 መኝታ፣ ሰፊ በረንዳ። ፊኒሺንጉ ያለቀ፣ የኪችን ካቢኔትና ቁም ሳጥን የተገጠመለት። የግል ቆጣሪ፣ ሮቶ ያለው። 24 ሰዓት ጥበቃ። ከአስፋልት ገባ ብሎ። ከጥቅምት 1 ጀምሮ። ዋጋ 32,000 ብር፣ መጠነኛ ድርድር አለው። ቅድሚያ የ6 ወር። ያለ ደላላ።»

ከፎቁ ልጀምር፤ የጋሽ ደምሴ ጉልበት ያለው እዚያ ላይ ነውና። እናንተ ዘንድ ከመንገድ ቀጥታ የሚገባበት አንደኛ ፎቅ ይባላል። እኛ ግን እሱን ምድር እንለዋለን፤ አንደኛ የምንለው ከእሱ በላይ ያለውን ነው። ስለዚህ «3ኛ ፎቅ» ሲል በእናንተ አቆጣጠር አራተኛው ማለቱ ነው። ሕንፃው ጂ+4 የሚባለው ዓይነት ነው፤ ምድርና ከላዩ አራት ፎቅ ያለው፣ ሊፍት የሌለው። ደረጃውን ቆጠርኩት፤ ከግቢው እስከ ቤቱ በር 51 ነው። መደገፊያው ብረት ነው፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ግን ይወዛወዛል።

«ካሬ» ማለት ካሬ ሜትር ነው። እናንተ ስኩዌር ፊት ወደምትሉት ለመለወጥ በ10.76 ማባዛት ነው። 65 ካሬ ወደ 700 ገደማ ይሆናል። ነገር ግን 65ቱ የቤቱ ውስጥ ስፋት አይደለም፤ የደረጃውና የመተላለፊያው ድርሻ ተደምሮበት ነው። ሜትር ይዤ ስለሄድኩ ውስጡን ለካሁት፤ ከነበረንዳው 52 ካሬ ወጣው፣ በእናንተ 560 ገደማ። ሳሎኑ 3.80 በ4.60 ሜትር ነው፣ 12 ጫማ ተኩል በ15 ጫማ መሆኑ ነው። ትልቁ መኝታ 3.20 በ3.40 ነው። ትንሹ 2.60 በ3.10 ስለሆነ፣ እዚያ የምትተኙበትን ዓይነት ትልቅ አልጋ ካስገባችሁበት በጎኑ የሚቀረው አንድ ሜትር ያህል ነው፤ እንግዳ ያድርበታል፣ ሻንጣው ግን ሳሎን ያድራል። «ባለ 2 መኝታ» ሲባል ሳሎኑ አይቆጠርም፤ መታጠቢያ ቤቱ ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

«ሰፊ በረንዳ» የተባለው 1.10 በ2.60 ሜትር ነው። ግማሹን የያዘው ሮቶው ነው። ሮቶ የምንለው የፕላስቲክ የውሃ ማጠራቀሚያውን ነው፤ ይኸኛው 500 ሊትር ይይዛል፣ ወደ 130 ጋሎን። ለምን እንደሚያስፈልግ ማስታወቂያው አይናገርም። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ምድር ቤት ያሉት ሴትዮ እንደነገሩኝ ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት፣ አንዳንዴም ያልፈዋል። ለሁለት ሰው 500 ሊትር እስከሚቀጥለው ፈረቃ ይበቃል፤ ልብስ በማሽን ማጠብ ከጀመራችሁ ግን አይበቃም።

«ፊኒሺንጉ ያለቀ» ያለው ወለሉ ሴራሚክ መሆኑን፣ ግድግዳው መቀባቱን፣ በሩና ቧንቧው መገጠሙን ነው። ኮንዶሚኒየም ለባለ ዕጣው ሲተላለፍ ብዙው ነገር ሳያልቅ ስለሆነ ይህ እዚህ እንደ ሞገስ ይጻፋል። ቤቱ ግን ባዶ ነው። እዚያ የተከራየ ሰው ማቀዝቀዣና ምድጃ ቤቱ ውስጥ ያገኛል፤ እዚህ «ከነዕቃው» ተብሎ ካልተጻፈ አምፖል እንኳ አትጠብቁ። አክስቴ፣ ማይክሮዌቭሽን ጠቅልለሽ እንዳታመጪ፤ የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፣ የአሜሪካው በ120 የሚሠራ ስለሆነ ገና ሲሰካ ይቃጠላል። ምጣድ ከዚሁ እንገዛለን። ለምጣዱ የሚሆን ወፍራም መስመር ማዕድ ቤቱ ውስጥ መኖሩን አይቻለሁ።

«የግል ቆጣሪ» ትልቅ ነገር ነው፣ ቀልድ አይደለም። የመብራት ሂሳቡ በእናንተ ቤት ፍጆታ ብቻ ይመጣል፤ ቆጣሪ የሚጋራ ተከራይ ከጎረቤቱ ጋር በየወሩ ሲጨቃጨቅ ነው የሚኖረው። «24 ሰዓት ጥበቃ» የተባሉት አንድ ሽማግሌ ናቸው፣ ከነጋቢያቸው። የግቢው በር ማታ 4 ሰዓት ይዘጋል፤ በእናንተ ሰዓት ምሽት 10 መሆኑ ነው። አክስቴ፣ ኪዳን ለማድረስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መውጣት ትችይ እንደሆነ ስጠይቃቸው «ለቤተ ክርስቲያንማ እከፍታለሁ» ብለውኛል።

«ገባ ብሎ» የሚባለው ቃል ወሰን የለውም። በእግሬ ስሄደው 11 ደቂቃ ፈጀብኝ፣ 700 ሜትር ገደማ፣ ከግማሽ ማይል ትንሽ ያነሰ። ኮብልስቶን የተነጠፈ ስለሆነ ጭቃ የለውም፤ ለጉልበት ግን አይመችም።

ጥቅምት 1 በእናንተ ኦክቶበር 11 ነው። ኪራይ የሚታሰበው በእኛ ወር ነው፤ ለጳጉሜን አይከፈልም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። «ቅድሚያ የ6 ወር» ማለት 192,000 ብር በአንዴ ማስቆጠር ነው። ይህን አልቀበልም ብያለሁ፤ በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መቀበልን ይከለክላል። ሁለት ወር ማለት 64,000 ነው። ውሉም ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፤ የእናንተም ዕቅድ ሁለት ዓመት ስለሆነ ይስማማናል። በ30 ቀን ውስጥ እናስመዘግበዋለን፣ ክፍያውም በባንክ ይሆናል። «ሳይመዘገብ ቢቀር ዋጋ እቀንሳለሁ» ተብዬ ነበር፤ እንዳልሰማሁ ሆንኩ። «መጠነኛ ድርድር» ያለው ደግሞ ስንጨቃጨቅ 30,000 ደረሰ።

«ያለ ደላላ» ብሎ ማስታወቂያውን ያወጣው ራሱ ደላላ ነው። ቤቱን አሳይቶኝ ስንወርድ፣ ደረጃው ላይ ቆሞ የግማሽ ወር ኪራይ ድርሻው እንደሆነ ነገረኝ። ይህን ከእኔ ጋር ተዉት።

ቀብድ 5,000 ብር ጠይቀውኛል። ቀብድ ቤቱን ለሌላ እንዳይሰጡብን የምናስይዘው ነው፤ ሐሳባችንን ከቀየርን ግን አይመለስም። እስከ ቅዳሜ ይጠብቁኛል፤ እኔም እናንተን ሳልሰማ አልከፍልም። እዚያው ሰፈር ምድር ላይ ያለ ባለ 2 መኝታ በ34,000 ብር አለ፤ የቆሻሻ ገንዳው መስኮቱ ሥር ነው እንጂ ቤቱ መጥፎ አይደለም።

ጋሽ ደምሴ፣ እስከዚያ ድረስ ሊፍቱን ይተዉትና አንድ ቀን 51 ደረጃ ወጥተው ይሞክሩት፤ አንድ ጋሎን ውሃ በእጅዎ ይዘው ቢሆን ደግሞ ይሻላል። ውጤቱን ዓርብ ማታ ደውላችሁ ንገሩኝ፤ በእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ስልኬን አነሳለሁ።

ልጃችሁ፣ ሙሉጌታ