ሁለት መልስ ስላለው የፋሲካ ገበያ ጥያቄ

ውድ የዓምዱ ተከታታዮች፣

ባለፈው እትም ያወጣነው የገበያ ጥያቄ አንድ ሳይሆን ሁለት ትክክለኛ መልስ አለው። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጥያቄው ይህ ነበር፦ አንድ ባለ ሆቴል ለፋሲካ በ64,000 ብር በግ፣ ፍየልና ዶሮ፣ በድምሩ 20 ገዛ። በግ 13,000፣ ፍየል 9,000፣ ዶሮ 1,000 ብር ነው። ከእያንዳንዱ ስንት ስንት ገዛ?

እኔ የያዝኩት መልስ 3 በግ፣ 1 ፍየልና 16 ዶሮ ነበር። ከእናንተ ብዙዎቹ ግን 1 በግ፣ 4 ፍየልና 15 ዶሮ ብላችሁ ላካችሁ። ደምሩት፤ ይህም 20 ነው፣ ይህም 64,000 ብር ነው። ከባሕር ዳር የጻፉልን አንድ የሒሳብ መምህር ሽንቁሩን በአንድ መስመር አሳይተውኛል፦ ሁለት በግና አንድ ዶሮ 27,000 ብር ያወጣሉ፣ ሦስት ፍየልም 27,000 ብር ያወጣል። ስለዚህ ሦስቱን በሦስቱ ቢለዋውጧቸው ቁጥሩም ዋጋውም ንቅንቅ አይልም። እኔ መልሴ ልክ መሆኑን አመሳከርኩ እንጂ ሌላ መልስ አለመኖሩን አልፈተሽኩም።

እንዲህ ያለው ጥያቄ ብዙ መልስ ቢኖረው በራሱ ነውር የለውም። በ5ኛው መቶ ዘመን የቻይናው ዣንግ ቺውጂየን መቶ ወፎችን በመቶ ሳንቲም ስለመግዛት ሲጠይቅ ሦስት መልሶችን አስቀምጧል። እኔ ግን አንድ መልስ ብቻ እንዳለ አድርጌ ነበር የጠየቅሁት።

ለማስተካከል «በጎቹ ከፍየሎቹ ይበዛሉ» የሚል ፍንጭ መጨመር ይቻል ነበር፤ ግን ግማሹን መልስ አፍ ላይ ማጉረስ ስለሆነ አልወደድኩትም። ስለዚህ የፍየሉን ዋጋ 8,000፣ ጠቅላላውን 63,000 ብር አድርጌዋለሁ። ሃያውም ዶሮ ቢሆኑ ወጪው 20,000 ነው፤ 43,000 ይቀራል። ዶሮ በበግ ሲተካ 12,000፣ በፍየል ሲተካ 7,000 ይጨመራል። እንግዲህ 43ን ከ12ና ከ7 ብዜቶች መገንባት ነው። በግ ባይኖር 43 ለ7 አይካፈልም፤ በጉ አንድ ቢሆን 31 ይቀራል፣ ሁለት ቢሆን 19፤ እነዚህም ለ7 አይካፈሉም። ሦስት ሲሆን 7 ይቀራል፣ እሱም አንድ ፍየል ነው። አራት በግ ደግሞ ከ43 ያልፋል። በዚህ ጊዜ 3፣ 1፣ 16 ብቸኛው መልስ ነው።

«አስራ ስድስት ዶሮ የሚያርድ ማን ነው?» ላላችሁኝ፣ ሰውየው ባለ ሆቴል መሆኑን አስታውሱልኝ።

ዕጣው ገና አልወጣም። ከሁለቱ መልሶች አንዱን የላከ ሁሉ በእኩል ዕድል ይገባል፤ ሁለቱንም አግኝታችሁ የላካችሁ ስማችሁ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። «መልስ የለውም» ያላችሁት ግን ዕጣው ውስጥ አትገቡም።

አክባሪያችሁ፣
የእንቆቅልሽ ዓምድ አዘጋጅ