ስለ ጠዋት መዘግየቴ እና ስላሰብኩት መፍትሔ

ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.
ደብረ ብርሃን

ይድረስ ለጋሽ ተፈራ
የዕቃ ግምጃ ቤት ክፍል ኃላፊ

ጋሽ ተፈራ፣ እንደምን አሉ? ትናንት ቢሮዎ ጠርተው ሲያነጋግሩኝ ሁሉንም በቅጡ አልነገርኩዎትም። አፌ ተያያዘ። ስለዚህ ማታ ቁጭ ብዬ ይህን ጻፍኩ።

ከጥቅምት መጀመሪያ ወዲህ 7 ጊዜ አርፍጃለሁ። የራሴ ማስታወሻ ደብተር ላይ ከእነደቂቃው መዝግቤዋለሁ፤ ሲደመር 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። ከሁሉም የከፋው ኅዳር 10 ቀን ነበር። በ2፡00 መግባት ሲገባኝ የደረስኩት 2፡50 ላይ ነው። ማሸጊያው ግምጃ ቤት ውስጥ፣ ቁልፉ እኔ ቦርሳ ውስጥ ስለነበር የማሸጊያ ክፍሉ ሠራተኞች እጃቸውን አጣጥፈው ቆመው ጠበቁኝ። አንዳቸውም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። በሩን ስከፍት ግን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የእኔ መዘግየት የእኔ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያን ጠዋት ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ጥቅምት 18 ቀን «መኪና መንገድ ላይ ተበላሸብን» ብዬዎት ነበር። እውነት አልነበረም። መኪናው ደህና ነበር፤ ዘግይቼ የወጣሁት እኔ ነኝ። ስለዋሸሁዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ።

እውነቱ ይኸው ነው። እናቴ መስከረም ላይ ስትሮክ መታት። ግራ እጇና እግሯ አይታዘዛትም። ብቻዋን የምትኖር ስለሆነ ደብረ ብርሃን የተከራየሁትን ቤት ለቅቄ ጫጫ እሷ ዘንድ ገባሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ሥራው ከብዷታል ተብሎ ቁልፉን እንዳይወስዱብኝ ፈራሁ።

ሌሊት 10፡30 እነሳለሁ። አጥባታለሁ፣ ልብሷን እቀይራለሁ፣ ገንፎ ወይም አጥሚት አቀምሳትና መድኃኒቷን እሰጣታለሁ። ከዚያ ጎረቤታችንን እጠብቃለሁ። እሳቸው ላሞቻቸውን አልበው፣ ወተቱን መሰብሰቢያው ድረስ አድርሰው ነው የሚመጡት። ቶሎ ሲባል 1፡00 ነው። ወረፋ ካለ 1፡15 ይሆናል። እግዜር ይስጣቸው፣ በነፃ ነው የሚያግዙን፤ ፍጠኑልኝ የምልበት አፍ የለኝም።

እኔ መኪና መያዣው ጋ ስደርስ 1፡20 ነው። ከሸኖና ከአዲስ አበባ የሚመጡት ሚኒባሶች ጫጫ ላይ ሲደርሱ ሞልተዋል። ከጫጫ የሚነሳው ደግሞ ሳይሞላ አይንቀሳቀስም። አሁን የውርጭ ወር ስለሆነ ተሳፋሪው ፀሐይ ሞቅ ሳትል ከቤት አይወጣም፤ እኛ ተኮራምተን እንጠብቃለን። መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እሱ አያስቸግርም። ከመናኸሪያ እስከ ፋብሪካው ባጃጅ እይዛለሁ። መኪና ሞልቶ ካልጠበቀኝ በቀር ከ2፡15 በፊት አልደርስም።

ጋሽ ተፈራ፣ እኔም ራሴ ይህን ያየሁት ዘግይቼ ነው። በየጠዋቱ አንድ አዲስ ምክንያት የተፈጠረ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ሚኒባሱ፣ አንድ ቀን ውርጩ፣ አንድ ቀን ጎረቤቴ። ሰዓቱን በወረቀት ላይ ስደምረው ግን መጀመሪያውኑ የማይገጥም ሆኖ አገኘሁት። በሰዓቱ የገባሁባቸው ቀኖች መኪና ሞልቶ የጠበቀኝ ቀኖች ናቸው። ስለዚህ «ከነገ ጀምሮ አላረፍድም» ብዬ ባዶ ቃል ልሰጥዎት አልፈልግም። ያን ትናንትም ብዬዎታለሁ፣ ባለፈው ወርም ብዬዎታለሁ።

በእኔ በኩል ያደረግኩት ይህ ነው። 12ኛ ክፍል ጨርሳ ቤት ያለች የጎረቤት ልጅ አግኝቻለሁ። በወር 1,500 ብር ልከፍላት ተስማምተናል። 12፡30 ላይ መጥታ፣ እናቷ ወተቱን አድርሰው እስኪመለሱ እናቴ ዘንድ ትቆያለች። ከዚያ በፊት ጨለማ ስለሆነ ነይ ልላት አልችልም። ባለፈው ሳምንት ለ4 ቀን ሞከርነው። 12፡45 ከቤት ወጥቼ ፋብሪካው በር ላይ የደረስኩት 1፡55፣ 2፡00፣ 2፡10 እና 2፡05 ነው። በጣም ተሻሽሏል፤ ግን ለ2፡00 ሰዓት አሁንም አያስተማምንም።

ስለዚህ የምለምንዎት ከታኅሣሥ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ለሙከራ ሰዓቴ 2፡30 ገብቼ 11፡30 የምወጣበት እንዲሆን ነው። የምሳ ሰዓቴ ያው ነው፣ ስምንት ሰዓቴም አይጎድልም። ማታ እስከ 12፡30 ድረስ ወደ ጫጫ መኪና አላጣም።

የጠዋቱ ግማሽ ሰዓት ነገር ብዙ አሳስቦኛል። ቁልፉን ለሌላ ሰው ልስጥ ብዬም አስቤ ነበር። ግን አንድ ዕቃ ቢጎድል ማን ይጠየቃል? ሁለት ሰው የያዘው ቁልፍ ለእርስዎም ለእኔም ጣጣ ነው። ከዚያ የሚሻል የሚመስለኝ እንዲህ ነው። ማሸጊያ ክፍሉ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት የሚፈልገውን ላስቲክ፣ ከረጢትና ክር ከመውጣቴ በፊት በወጪ ሰነድ አወጣለታለሁ። የማታው ፈረቃ መሪ ቆጥሮ ይፈርማል። ዕቃው ማሸጊያ ክፍሉ ጥግ ያለው ባዶው የሽቦ ሳጥን ውስጥ ይገባና በእሱ ቁልፍ ይቆለፋል። ጠዋት ለቀኑ ፈረቃ መሪ ያስረክባል። ግምጃ ቤቱ ተቆልፎ ያድራል፤ ሥራው ግን 2፡00 ላይ ይጀመራል። ሁለቱንም ፈረቃ መሪዎች አናግሬያቸዋለሁ። እርስዎ ከፈቀዱ እነሱ ይስማማሉ።

ማታ ግማሽ ሰዓት መቆየቴ ለክፍሉም ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ። ከ11፡00 በኋላ የሚገቡ የጭነት መኪናዎች እስከ ማግስቱ ሳይራገፉ እያደሩ ሾፌሮቹ ሲያማርሩ እርስዎም ሰምተዋል። እኔ ካለሁ ቆጥሬ እረከባለሁ።

የጎደለውን 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ደግሞ ለግማሽ ዓመቱ ቆጠራ ቅዳሜ ከሰዓት ገብቼ ልክፈል። ትርፍ ሰዓት ተብሎ እንዲያዝልኝ አልጠይቅም።

በሙከራው ወር ከ2፡30 በኋላ ከአንድ ጊዜ በላይ ከገባሁ እርስዎ ሳይጠሩኝ ራሴ እመጣለሁ። ያኔ ቁልፍ የማይያዝበት ሌላ ሥራ ላይ ቢመድቡኝ አልከፋም። እናቴን ደብረ ብርሃን አምጥቼ ላስቀምጣት እንዳልል ብርዱ እዚህ ይብስባታል፤ ከምታውቃቸው ሰዎች መነጠሉም ይጎዳታል። ሐኪሟ ጥር ላይ እንደገና ያያታል። ደረጃ መውጣት ከቻለች ያኔ ቤት እፈልጋለሁ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ተደጋጋሚ መዘግየት የሚለውን አንብቤዋለሁ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እያለ በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ማርፈድ ከሥራ ያሰናብታል። እርስዎ እስካሁን በቃል ብቻ ነው ያስጠነቀቁኝ። መጻፍ ሲችሉ ጠርተው ያነጋገሩኝ ለእኔ አስበው እንደሆነ አውቃለሁ። ስድስት ዓመት ስሠራ አንድ ቀን ዕቃ አልጎደለብኝም። ይህን ሥራ እወደዋለሁ፤ ማጣት አልፈልግም።

የእናቴን የሕክምና ወረቀት ኮፒ አያይዣለሁ። ሐሙስ 9፡00 ላይ ጊዜ ካለዎት የሽቦ ሳጥኑን አብረን እንየው። መልስዎን እስከሚሰጡኝ ድረስ በ2፡00 ለመድረስ የምችለውን ሁሉ አደርጋለሁ። የማረፍድ ከመሰለኝም ገና ጫጫ ሳለሁ 1፡15 ላይ እደውልልዎታለሁ።

አክባሪዎ
አልማዝ
የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ